ያልተወሰደው ዓረቦን፦ የሕይወት መድን በአውቶፔይ መክሸፍ እንዴት ይቋረጣል፣ እንዴትስ ይመለሳል?

በአሜሪካ የሕይወት መድን የሚገባ ሰው ውሉን በሚፈርምበት ዕለት አብሮ የሚፈርመው አንድ አጭር ቅጽ አለ፤ በዚህ ቅጽ ላይ የባንኩን መለያና የሂሳቡን ቁጥር ጽፎ ዓረቦኑን፣ ማለትም ለሽፋኑ በየጊዜው የሚከፈለውን ገንዘብ፣ ኩባንያው በየወሩ ከሂሳቡ ራሱ እንዲወስድ ፈቃድ ይሰጣል። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በአፍ ልማድ «አውቶፔይ» የሚሉት ይህ አሠራር ቼክ መጻፍን፣ ቀን ማስታወስንና ፖስታ ቤት መሄድን አስቀርቷል፤ የዚያኑ ያህል ግን ከፋዩ ውሉን ከነመኖሩ እንዲረሳው አድርጓል። ገንዘቡ ለዓመታት ያለችግር ሲወሰድ ቆይቶ አንድ ወር ሳይወሰድ ሲቀር፣ ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው፤ በዚያ መካከል ደግሞ ውሉ የራሱን የጊዜ ቆጠራ ጀምሮ ጨርሷል።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በዋናነት የጊዜ ገደብ ያለውን የሕይወት መድን፣ በተለምዶ «ተርም» የሚባለውን ነው፤ ይህም ለ10፣ ለ20 ወይም ለ30 ዓመት በተወሰነ ወርኃዊ ዋጋ የሚገባ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሞት ከደረሰ ብቻ ለተጠቃሚዎች ገንዘብ የሚከፍል ውል ነው። ከሌሎቹ ይልቅ እርሱ የተመረጠበት ምክንያት ልጆች ያሏቸውና የቤት ዕዳ የሚከፍሉ ቤተሰቦች በብዛት የሚይዙት እርሱን በመሆኑ፣ እንዲሁም ክፍያ ሲቋረጥ የሚደግፈው የተጠራቀመ ገንዘብ በውስጡ ስለሌለ በአንድ የከሸፈ ክፍያ የመውደቅ አደጋው የጎላ በመሆኑ ነው።

## በሌሊት የሚጓዘው ፋይል

ከሂሳብ ላይ ገንዘብ የሚወሰድበት መንገድ ከውጭ ሲታይ ቅጽበታዊ ቢመስልም በእርግጥ ግን በየዕለቱ በጅምላ የሚጓዝ የሰነድ ልውውጥ ነው። የመድን ኩባንያው የሂሳብ ክፍል በዚያ ቀን መክፈል ያለባቸውን ደንበኞች ሁሉ በአንድ ፋይል ያዘጋጅና ለራሱ ባንክ ይሰጣል፤ ባንኩም ፋይሉን ኤሲኤች ወደሚባለው የባንኮች የሂሳብ ማጣሪያ ሥርዓት ይልካል። ይህን ሥርዓት የሚያንቀሳቅሱት ሁለት ተቋማት ሲሆኑ አንዱ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው ፌዴራል ሪዘርቭ፣ ሌላው ደግሞ ክሊሪንግ ሃውስ የሚባለው በባንኮች ባለቤትነት የተያዘ ድርጅት ነው። ከዚያ እያንዳንዱ የክፍያ ጥያቄ ወደ ደንበኛው ባንክ ይደርሳል፤ ባንኩም ወይ ይከፍላል፣ ወይም ያልከፈለበትን ምክንያት በአጭር ኮድ አስፍሮ በአብዛኛው በሁለት የባንክ የሥራ ቀናት ውስጥ ይመልሰዋል።

እነዚህ ኮዶች ለደንበኛው እምብዛም አይታዩም፤ የሚከተለውን ሁሉ የሚወስኑት ግን እነርሱ ናቸው። R01 ማለት በሂሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ የለም ማለት ነው፤ R02 ሂሳቡ ተዘግቷል፣ R03 በተሰጠው ቁጥር የሚገኝ ሂሳብ የለም፣ R08 ደግሞ የሂሳቡ ባለቤት ክፍያው እንዲቆም ባንኩን አዝዟል ማለት ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ምክንያቱም ገንዘብ ጎድሎ የተመለሰን ጥያቄ ኩባንያው በ180 ቀናት ውስጥ እስከ ሁለት ጊዜ ደግሞ እንዲያቀርብ የሥርዓቱ ደንብ ይፈቅድለታል፤ በዚህ ጊዜ በደንበኛው የባንክ መግለጫ ላይ RETRY PYMT የሚል ጽሑፍ ይታያል። የተዘጋ ሂሳብ ግን ሁለተኛ ዕድል የለውም። ስለዚህ ደመወዙ ሁለት ቀን ዘግይቶ የገባለት ሰው ሳያውቀው ሊድን ይችላል፤ ወደተሻለ ባንክ ተዛውሮ የቀድሞውን ሂሳብ በሥርዓት የዘጋው ሰው ግን ገንዘብ እያለው ውሉን ሊያጣ ይችላል።

> ገንዘብ ያጠረው ሰው ሁለተኛ ሙከራ ያገኛል፤ ባንክ የቀየረው ሰው ግን አያገኝም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ሌላ ነገር አለ። ብዙ ኩባንያዎች አንድ ወይም ሁለት ክፍያ ተመላሽ ከሆነ በኋላ ደንበኛውን ከአውቶፔይ መዝገብ አውጥተው በፖስታ ወደሚላክ የወረቀት ቢል ያዛውሩታል፤ አንዳንዶቹም ወርኃዊውን ክፍያ በሦስት ወር አንዴ ወደሚከፈል ይለውጡታል። ከዚያ በኋላ ደንበኛው ሂሳቡን ሞልቶ ቢጠብቅ ጥቅም የለውም፤ ገንዘቡን ሊወስድ የሚመጣ ጥያቄ ከእንግዲህ የለምና። የመድን ወኪሎች እንደሚሉት አብዛኛው ደንበኛ «ገንዘብ አስገብቼ ነበር እኮ» ብሎ የሚከራከረው በዚህ ቦታ ነው፤ ክርክሩ ልብ የሚነካ ቢሆንም ፈቃዱ የተሰረዘ ክፍያ በሂሳቡ ውስጥ ገንዘብ በመኖሩ ብቻ ራሱን አይፈጽምም።

## ከሦስቱ ቀኖች የሚቆጠረው የትኛው ነው?

በእያንዳንዱ የከሸፈ ክፍያ ዙሪያ ሦስት ቀኖች አሉ። የመጀመሪያው በውሉ የተጻፈው የመክፈያ ቀን ነው። ሁለተኛው ኩባንያው ገንዘቡን ከባንክ ለመውሰድ የሚሞክርበት ቀን ሲሆን ይህም ደንበኛው ደመወዝ ከሚገባበት ጊዜ ጋር እንዲጣጣም ሲመዘገብ የመረጠው ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ክፍያው መክሸፉን የሚናገረው ደብዳቤ እጅ የሚገባበት ቀን ነው። የሰው አእምሮ በተፈጥሮው ከሦስተኛው ይጀምራል፤ ውሉ ግን የሚቆጥረው ከመጀመሪያው ነው።

ውሉ የሚሰጠው ተጨማሪ ቀን የእፎይታ ጊዜ ይባላል፤ ይህም ዓረቦኑ በቀኑ ባይከፈልም ሽፋኑ ሳይቋረጥ የሚቆይበት የተወሰነ ጊዜ ነው። በብዙ ክፍለ ግዛቶች ለተርም መድን 30 ወይም 31 ቀን ሲሆን በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በቨርጂኒያ ሕጉ ከ31 ቀን እንዳያንስ ያዝዛል፤ ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ2013 ጀምሮ 60 ቀን አድርጋዋለች። ቀኑ የሚቆጠረው ከመክፈያው ቀን በመሆኑ የመክፈያ ቀኑ ወር በገባ በ1 ሆኖ ገንዘቡ በ15 እንዲወሰድ ያመቻቸ ሰው፣ ክፍያው በከሸፈበት ቅጽበት ከእፎይታው ግማሽ ያህሉን ጨርሶታል። ተመላሹ ለኩባንያው እስኪደርስ ሁለት ቀን፣ ደብዳቤው ተዘጋጅቶ በፖስታ እስኪደርስ አንድ ሳምንት ያህል ሲጨመርበት በእጁ የሚቀረው ጥቂት ቀን ብቻ ነው።

በእፎይታው ጊዜ ውስጥ ግን ውሉ ሙሉ ነው፤ ይህ በቂ ትኩረት ያላገኘ ነጥብ ነው። የመድን ገቢው ሞት በእነዚህ ቀናት ውስጥ ቢደርስ ኩባንያው ለተጠቃሚዎቹ ሙሉውን ገንዘብ የመክፈል ግዴታ አለበት፤ የሚቀንሰው ያልተከፈለውን ዓረቦን ብቻ ነው። ስለዚህ ሐዘን የደረሰበት ቤተሰብ የባንክ መግለጫ አገላብጦ የመጨረሻው ወር ክፍያ አለመወሰዱን ስላየ ብቻ ተስፋ ሊቆርጥ አይገባም፤ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ሞቱ ከመክፈያው ቀን ስንት ቀን በኋላ እንደደረሰ ነው።

## ደብዳቤው የሚሄድበት አድራሻ

ክፍያ ሲከሽፍ ኩባንያው ማስጠንቀቂያ ይልካል፤ በፍርድ ቤት ክርክር ላይ ግን በአብዛኛው የሚመዘነው ደብዳቤው መላኩ እንጂ መነበቡ አይደለም። ኩባንያው በመዝገቡ ላይ ወዳለው የመጨረሻ አድራሻ በወቅቱ መላኩን ካስረዳ፣ ቤተሰቡ አልደረሰንም ማለቱ ብቻውን እምብዛም አያድነውም። የአሜሪካ ፖስታ ቤት አድራሻ ለቀየረ ሰው ተራ ደብዳቤዎችን ወደ አዲሱ ቤት የሚያስተላልፈው በመደበኛ ለ12 ወራት ነው፤ ከዚያ በኋላ ለላኪው ይመልሳል። ከአፓርታማ ወደ አፓርታማ፣ ከዚያም ወደ ገዙት ቤት የተዛወሩ ቤተሰቦች የመብራትና የስልክ አድራሻቸውን ወዲያው ይቀይራሉ፤ በየወሩ ቢል የማይልክላቸውን የመድን ኩባንያ ግን ይረሱታል።

ለኢትዮጵያውያኑ የተለየ የሆነ አጋጣሚም አለ። ገናንና ጥምቀትን ከወላጆች ጋር ለማሳለፍ፣ ታማሚ ለመጠየቅ ወይም ቤት ለማስጨረስ ሁለት ሦስት ወር ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ከጉዞው በፊት ሂሳቡን አራግፎ ይወጣል፤ ደመወዙ ያለክፍያ ፈቃድ ላይ ስለሆነ አይገባም፤ የፖስታ ሳጥኑንም የሚከፍትለት የለም። የሦስት ወር ጉዞ ከ31 ቀን እፎይታ በእጅጉ ይረዝማል፤ ተጓዡ ሲመለስ የክፍያ መክሸፉን ማስታወቂያ፣ የመጨረሻውን ማስጠንቀቂያና ውሉ መቋረጡን የሚያረጋግጠውን ደብዳቤ በአንድ ላይ ያገኛል።

በእነዚሁ ማኅበረሰቦች ውስጥ ያሉ የእድር አገልጋዮች ልዩነቱን በግልጽ ያዩታል። በእድር ወርኃዊ መዋጮ ያቋረጠ አባል መጀመሪያ ስልክ ይደወልለታል፣ ቀጥሎ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ የሚያውቀው ሰው ይጠይቀዋል፣ ጉዳዩም ለስብሰባ ይቀርባል፤ ስሙ እስኪሰረዝ ድረስ ጉድለቱን ያልሰማ ሰው አይኖርም። መድን ኩባንያው ግን የሚያውቀው አንድ ሰውና አንድ አድራሻ ብቻ ነው። ለዚህ ክፍተት በሕግ ከተሰጡት መልሶች ውስጥ ጠንካራው የካሊፎርኒያው ነው፤ ሕጉ ከ60 ቀኑ እፎይታ በተጨማሪ ውሉ ከመቋረጡ ቢያንስ 30 ቀን በፊት ማስጠንቀቂያ እንዲላክ፣ የውሉ ባለቤትም ማስጠንቀቂያው አብሮ የሚደርሰው ሁለተኛ ሰው እንዲመዘግብ ዕድል እንዲሰጠው፣ ይህም መብቱ በየዓመቱ እንዲታወሰው ያስገድዳል። መድን ኩባንያዎች ሕጉ የሚሠራው ከወጣ በኋላ ለተገቡ ውሎች ብቻ ነው ብለው ለዓመታት ተከራክረው ነበር፤ በነሐሴ ወር 2021 የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉ ሲጸና በሥራ ላይ ለነበሩ የቀድሞ ውሎችም እንደሚሠራ በመወሰን ክርክሩን ዘግቶታል።

> ማስጠንቀቂያው አብሮ የሚደርሰው ሁለተኛ ሰው መመዝገብ ዋጋ አያስከፍልም።

ይህ ሁለተኛ ሰው ዓረቦኑን የመክፈል ግዴታ የለበትም፤ የሚደርሰው የማስጠንቀቂያው ቅጂ ብቻ ነው። ሕጉ በማያስገድድባቸው ክፍለ ግዛቶችም ብዙ ኩባንያዎች ሲጠየቁ ይመዘግባሉ፤ ለዚህ የሚሆነው ቅጽም ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ብልሃቱ ግን በሌላ ቤት የሚኖር ሰው መምረጥ ነው፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ያለ ባል ወይም ሚስት ያንኑ ያልተከፈተ የፖስታ ሳጥን ይጋራልና።

## ከመጋቢት እስከ ጥቅምት፦ የአንድ ውል ታሪክ

ሂደቱን በተጨባጭ ለማየት በቨርጂኒያ የሚኖር አንድ የቤተሰብ አባወራ በምሳሌነት ይወሰድ። ሰውዬው በ38 ዓመቱ የ20 ዓመት ተርም ገብቷል፤ ለ500,000 ዶላር ሽፋን በወር 48 ዶላር ይከፍላል፤ የመክፈያው ቀን በፈረንጆቹ አቆጣጠር በየወሩ 3 ነው። ዘጠኝ ዓመት ያለእንከን ከከፈለ በኋላ በየካቲት መጨረሻ ባንክ ቀየረ። ደመወዙን፣ የቤት ዕዳውንና የመኪናውን ክፍያ ወደ አዲሱ ሂሳብ አዛወረ፤ የሕይወት መድኑን ረሳው።

ማርች 3 የቀረበው የክፍያ ጥያቄ R02 ተብሎ ተመለሰ። በኩባንያው መዝገብ ላይ የነበረው አድራሻ ከአራት ዓመት በፊት የለቀቀው አፓርታማ ስለነበር ማስጠንቀቂያው ሳይደርሰው ቀረ። 31 ቀኑ ኤፕሪል 3 ላይ አለቀ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሞቶ ቢሆን ኖሮ ቤተሰቡ ከግማሽ ሚሊዮኑ ላይ 48 ዶላር ብቻ ተቀንሶለት ይወስድ ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ውሉ ተቋርጧል፣ የሚከፈለውም ነገር የለም። በጁን ወር ለዓመታዊ ምርመራ ሄዶ የስኳር ሕመም ተገኘበትና መድኃኒት ጀመረ። ኦክቶበር 10 ላይ ወረቀቶቹን ሲያስተካክል ከአሮጌው ሂሳብ ይወሰዱ የነበሩትን ክፍያዎች ዝርዝር አየና ደወለ።

በስልክ የሚነገረው የመጀመሪያ ነገር የገንዘቡ መጠን ነው፤ እርሱም የሚያሳስብ አይደለም። ከማርች እስከ ኦክቶበር ያልተከፈሉት ስምንት ዓረቦኖች 384 ዶላር ይሆናሉ፤ ውሉ ላልተከፈለው ገንዘብ በዓመት 6 በመቶ ወለድ የሚል ከሆነ ደግሞ ወለዱ ወደ 7 ዶላር ገደማ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ ሰው እፎይ ብሎ የካርድ ቁጥሩን ሊናገር ይሻል። ነገር ግን የእፎይታው ጊዜ ካለፈ ወዲያ ውሉን የሚመልሰው ገንዘቡ ብቻ አይደለም።

## በገንዘብ ብቻ የማይከፈት በር

የተቋረጠን ውል ወደነበረበት መመለስ በሁለት ደረጃ ይታያል። የመጀመሪያው ጠባብ መስኮት ነው፤ በርካታ ኩባንያዎች እፎይታው ካለቀ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ መድን ገቢው በሕይወት እስካለ ድረስ፣ የጤና ጥያቄ ሳያቀርቡ ውዝፉን ተቀብለው ውሉን ይቀጥላሉ። ይህ የኩባንያው ፈቃድ እንጂ በሁሉም ውል የተጻፈ መብት አይደለም፤ ገደቡም በማቋረጫው ደብዳቤ ላይ ቀን ተጠቅሶ ይገኛል። ውሉ መቋረጡን በቶሎ ያወቀ ሰው ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ መስኮት ገና ክፍት መሆኑን ነው።

መስኮቱ ከተዘጋ መደበኛው መንገድ ይቀራል። ውሉ በአብዛኛው ሦስት ዓመት፣ በአንዳንዶቹ አምስት ዓመት ድረስ ለመመለስ የማመልከት መብት ይሰጣል፤ መብቱ ግን በሁለት ነገሮች ላይ የቆመ ነው። አንደኛው ውዝፉን ከነወለዱ መክፈል ሲሆን ሁለተኛው መድን ገቢው አሁንም መድን ሊገባ የሚችል መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ይህም በተግባር የማመልከቻ ቅጽ መሙላት፣ ካለፈው ጊዜ ወዲህ ስለተገኙ ሕመሞች፣ ስለሚወሰዱ መድኃኒቶች፣ ስለ ሲጋራና ስለ ሥራ ጠባይ የሚቀርቡ ጥያቄዎችን መመለስ፣ ኩባንያው የሐኪም መዝገብ እንዲያይ ፈቃድ መስጠት፣ አንዳንድ ጊዜም ደምና ሽንት ለምርመራ መስጠት ማለት ነው።

የምሳሌው አባወራ ችግር ከዚህ ይጀምራል። በጁን የተገኘው ስኳር ውሉ ሳይቋረጥ ቢሆን ኖሮ ምንም ለውጥ አያመጣም ነበር፤ በሥራ ላይ ያለ ውል በኋላ በመጣ ሕመም ምክንያት ሊሰረዝ ወይም ዋጋው ሊጨመር አይችልምና። አሁን ግን ያው ሕመም የኩባንያው ውሳኔ የሚመሠረትበት ማስረጃ ሆኗል። ሕመሙ በመድኃኒት በደንብ የተያዘ ከሆነ ኩባንያው ሊቀበለው ይችላል፤ ካልሆነ ውዝፉን መልሶለት ማመልከቻውን ውድቅ ያደርጋል። የጉዳዩ ክብደት ያለው በዚህ ላይ ነው፦ ለ500,000 ዶላር ሽፋን መጥፋት ምክንያት የሆነው 48 ዶላር ሳይሆን፣ በኤፕሪልና በኦክቶበር መካከል የተጻፈ አንድ የሐኪም ማስታወሻ ነው።

በዚህ ጊዜ ሕመሙን ደብቆ መፈረም የሚፈትናቸው ሰዎች አሉ፤ በማኅበረሰቡ ውስጥም «አይጠይቁም፣ ዝም ብለህ ሙላው» የሚል ምክር መስማት እንግዳ አይደለም። ይህ ምክር ቤተሰብን የሚጎዳ ነው። በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ውል ሲመለስ በማመልከቻው ላይ በተሰጡት መልሶች ረገድ አዲስ የሁለት ዓመት የመከራከሪያ ዘመን ይጀምራል፤ ይህም ሞት በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢደርስ ኩባንያው መልሶቹን ከሐኪም መዝገብ ጋር አመሳክሮ ሐሰት ካገኘ ክፍያውን እንዲከለክል የሚያስችለው ጊዜ ነው። የካሳ መርማሪዎች የፋርማሲ መዝገብን ጭምር ይመለከታሉ፤ በየወሩ የተወሰደ የስኳር መድኃኒት ደግሞ በዚያ መዝገብ ላይ አለ። እንዲህ ባለ ሁኔታ ባሏን ያጣች ሴት የሚደርሳት የተከፈለው ዓረቦን ተመላሽና የእምቢታ ደብዳቤ ነው። እውነቱን ጽፎ መከልከል ሌላ መንገድ ለመፈለግ ጊዜ ይሰጣል፤ ደብቆ መቀበል ግን ሁሉንም መንገድ ዘግቶ ቤተሰቡን ባዶ እጁን ያስቀራል።

> በሥራ ላይ ያለ ውል ሕመም አይነካውም፤ የተቋረጠ ውል ግን በሕመም ምክንያት ላይመለስ ይችላል።

ሌላው የተለመደ ስሕተት የገንዘቡ መወሰድ የውሉ መመለስ ነው ብሎ ማመን ነው። ኩባንያው ከማመልከቻው ጋር የመጣውን ቼክ ተቀብሎ ወደ ባንክ ሊያስገባውና ውሳኔ እስኪሰጥ በመጠባበቂያ ሂሳብ ሊያቆየው ይችላል፤ ሽፋኑ ግን በተለምዶ የሚጀምረው ማመልከቻው በጸደቀበት ቀን ነው። በመካከሉ ሞት ቢደርስ ቤተሰቡ በእጁ ያለው የቼኩ ማረጋገጫ ብቻውን የሞት ካሳ አያስገኝለትም። ስለሆነም ማመልከቻው ከገባ በኋላ ባለጉዳዩ የሚጠብቀው የባንክ መግለጫ ሳይሆን ውሉ መመለሱን ከነቀኑ የሚገልጽ ደብዳቤ ነው።

ይህን ሁሉ ካየ በኋላ አዲስ ውል መግባት አይሻልም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል። ጤናው እንደቀድሞው የሆነ ሰው ሁለቱንም አስልቶ ማወዳደር ይችላል፤ የተመለሰው ውል በ38 ዓመት ዕድሜ የተተመነውን ዋጋ ይዞ ይቀጥላል፣ አዲሱ ግን በ47 ዓመት ይተመናል። በሌላ በኩል አሮጌው ውል የሚቀረው 11 ዓመት ብቻ ነው፤ አዲሱ ለ20 ዓመት ሊሄድ ይችላል። ወኪሎች አዲስ ውል ሲሸጡ አበል ያገኛሉ፣ አሮጌው ሲመለስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያን ያህል አያገኙም፤ ስለዚህ «አዲስ ይሻልሃል» የሚለው ምክር ትክክል ሊሆን ቢችልም ሁለቱም ዋጋዎች በወረቀት ቀርበው ጎን ለጎን ሳይታዩ ሊወሰድ አይገባም።

## የተጠራቀመ ገንዘብ ያላቸው ውሎች

«ሆል ላይፍ» የሚባለው ቋሚ የሕይወት መድን በውስጡ እያደገ የሚሄድ የተጠራቀመ ገንዘብ ስላለው ክፍያ ሲቋረጥ ወዲያው አይወድቅም። ባለቤቱ ውሉን ሲገባ ፈቅዶ ከሆነ ኩባንያው ከዚያው ገንዘብ ላይ ብድር ወስዶ ዓረቦኑን ይሸፍናል፤ ካልፈቀደም የተጠራቀመው ገንዘብ ሽፋኑን ለተወሰነ ጊዜ ለማራዘም ወይም ወደ አነስተኛ ግን ከእንግዲህ ክፍያ ወደማይጠይቅ ሽፋን ለመለወጥ ይውላል። ይህ ጥበቃ መልካም ቢሆንም ጉዳቱን ይሸሽጋል፤ ብድሩ ከነወለዱ በዝምታ ያድግና የተጠራቀመውን ሲበልጥ ውሉ ያን ጊዜ ይወድቃል፤ ባለቤቱ አውቶፔዩ መክሸፉን ሳያውቅ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ውሉን አፍርሶ የተጠራቀመውን ገንዘብ በእጁ የተቀበለ ሰው ደግሞ መልሶ የማስቀጠል መብቱን ያጣል።

## ጥፋቱ የደንበኛው ካልሆነ

ክፍያ ሁልጊዜ በደንበኛው ጥፋት አይከሽፍም። አዲሱን የባንክ ቁጥር በወቅቱ ሰጥቶ ኩባንያው በአሮጌው የጠየቀ፣ ወይም ሠራተኛ አንድ አኃዝ አሳስቶ የመዘገበበት፣ ወይም ፈቃዱና ገንዘቡ እያሉ ጥያቄው ጭራሽ ያልቀረበበት ሁኔታ ይኖራል። በዚህ ጊዜ ዋናው ነገር የማስመለሻ ማመልከቻውን ከመሙላት በፊት ቆም ማለት ነው። የጤና ጥያቄዎቹን መመለስ ውሉ በሕጋዊ መንገድ መቋረጡን እንደ መቀበል ሊታይ ስለሚችል፣ ባለጉዳዩ ውሉ በኩባንያው የአሠራር ስሕተት መቋረጡንና ያለጤና ጥያቄ ወደነበረበት እንዲመለስ መጠየቁን በጽሑፍ ማቅረብ አለበት።

ለዚህ የሚያገለግለው ማስረጃ ቀላል ነው፦ በክፍያው ቀን ሂሳቡ ክፍት እንደነበረና በቂ ገንዘብ እንደነበረው የሚያሳይ የባንክ መግለጫ፣ የተመለሰበትን ኮድ የሚገልጽ የባንክ ማረጋገጫ፣ እንዲሁም አዲሱ ቁጥር የተሰጠበት ደብዳቤ ወይም የስልክ ጥሪው ቀንና ሰዓት። ኩባንያው እምቢ ካለ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት አቤቱታ የሚቀበል የመድን ተቆጣጣሪ አለው፤ በሜሪላንድ የኢንሹራንስ አስተዳደር፣ በቨርጂኒያ በክፍለ ግዛቱ ኮርፖሬሽን ኮሚሽን ሥር ያለው የኢንሹራንስ ቢሮ ነው። አቤቱታ ማቅረብ ገንዘብ አያስከፍልም፤ ኩባንያውም ማስጠንቀቂያውን መቼና ወዴት እንደላከ ለተቆጣጣሪው በጽሑፍ እንዲያስረዳ ይጠየቃል። በርካታ ቤተሰቦች ይህን መንገድ ሳያውቁ በስልክ በተነገራቸው «ተቋርጧል» በሚል አንድ ቃል ይመለሳሉ፤ ይህም ሊታረም የሚገባው ነው።

ውሉ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ለማወቅ ደግሞ የባንክ መግለጫ መጠበቅ አያስፈልግም። በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ Paid-to Date ተብሎ የሚታየው ቀን ዓረቦኑ እስከ መቼ እንደተከፈለ ይናገራል፤ ይህ ቀን ካለፈ ውሉ በእፎይታ ላይ ነው ወይም ተቋርጧል። ባንክ የሚቀይር አንባቢ የቀድሞውን ሂሳብ ከመዝጋቱ በፊት የሚቀጥለው ዓረቦን ከአዲሱ ሂሳብ እስኪወሰድና ይህ ቀን በአንድ ወር ወደፊት መራመዱን በዓይኑ እስኪያይ ድረስ፣ በአሮጌው ሂሳብ ውስጥ ቢያንስ የሁለት ወር ዓረቦን ትቶ ይቆይ።